8 በመቶ ሲባል ስንት ብር ነው?

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ የካርቶን ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ 140 ሠራተኞች ተሰብስበን ነበር። አንዳንዱ የወረቀት ጥቅልል ላይ ተቀምጧል፣ አንዳንዱ ግድግዳ ተደግፏል። ሥራ አስኪያጁ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ከመስከረም ጀምሮ ስለሚደረገው የደመወዝ ጭማሪ። እኔ በወቅቱ በጀት ክፍል ውስጥ ጀማሪ ሠራተኛ ነበርኩ። የንግግሩን ሠንጠረዦች ያዘጋጀሁት እኔ ስለነበርኩ ጭማሪው ከተጠበቀው ያነሰ መሆኑን ከብዙዎቹ ቀድሜ አውቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቁርስ አልበላሁም።

የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ቁጥሮቹንም ለማስላት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። የሒሳቡ አካሄድ ግን እንዳለ ነው። ደመወዝተኛ የሆናችሁ አንባቢዎች የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ቁጥር ብታስገቡበት ይሠራል።

ከወሬው ልጀምር። ሠራተኛው 20 በመቶ ይጠብቅ ነበር። ይህን ቁጥር የፈጠረው ማንም አይደለም፣ ከአየር ላይ የመጣም አይደለም። ፋብሪካው በዓመቱ ጥሩ አትርፏል ተብሏል፤ የጭነት መኪናው ሲወጣ ሲገባ ሁሉም ያያል። መንግሥት ለሠራተኞቹ ከመስከረም ጀምሮ ደመወዝ እንደሚያሻሽል የተነገረውም በዚያው ሰሞን ነው። የቤት ኪራይ፣ ታክሲው፣ ዘይቱ የት እንደደረሰ መናገር አያስፈልግም። በዚህ ላይ ቦርዱ ያጸደቀው 8 በመቶ ነው።

የመጀመሪያው የንግግር ረቂቅ ይህን 8 በመቶ ፊት ለፊት አስቀምጦ ነበር። «ኩባንያችን በዚህ አስቸጋሪ ጊዜም ቢሆን የ8 በመቶ ጭማሪ አጽድቋል» ይላል። ረቂቁን ያዩት የፋይናንስ ኃላፊዋ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። «ይህን ከሰሙ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ደመወዙን በ8 በመቶ ያባዛል። ደብዳቤው ሲደርሰው ግማሹን ነው የሚያገኘው። ያኔ ሌባ እንባላለን» አሉ።

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬ ይህን ማንም አልነገረኝም። የጭማሪ በጀት መቶኛና አንድ ሠራተኛ የሚያገኘው መቶኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጀቱ አንድ ቋት ነው። ከቋቱ ውስጥ ለሁሉም ከመከፋፈሉ በፊት አስቀድሞ የሚጨለፍ አለ።

እንየው። የፋብሪካው ጠቅላላ የወር ደመወዝ 2,000,000 ብር ነው። 8 በመቶው በወር 160,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 24,000 ብሩ በዓመቱ ውስጥ የደረጃ ዕድገት ላገኙ ሰዎች አስቀድሞ ተይዟል፤ ዕድገቱ በደብዳቤ ስለተሰጣቸው መልሶ መቀነስ አይቻልም። ሌላ 30,000 ብር ለአምስት ሰዎች ይሄዳል። እነዚህ አምስቱ የማሽን መካኒኮች፣ ኤሌክትሪሻኑና ዋናውን የማተሚያ ማሽን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ልጆች ናቸው፤ ሌላ ፋብሪካ እየጠራቸው ነበር፣ አንዱ ከወጣ ደግሞ ማሽኑ ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። ቀሪው 16,000 ብር የሚሄደው ብዙ ሰው ወደማያስበው ቦታ ነው። አዲስ ሠራተኛ በዛሬው የገበያ ዋጋ ስለሚቀጠር ስድስት ዓመት የሠራውን ነባር ሠራተኛ ደመወዝ ደርሶበታል፤ እንዲያውም አልፎታል። ያንን ማስተካከል ግድ ሆነ። ሦስቱ ሲደመሩ 70,000 ብር ይወጣል።

ለሁሉም የሚከፋፈለው 90,000 ብር ቀረ። ከ2,000,000 ብሩ አንጻር 4.5 በመቶ ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ «8» ቢሉ አልዋሹም፤ ኩባንያው በእርግጥም 8 በመቶ ያወጣል። ግን አዳራሹ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ ስምንቱን በዓይናቸው አያዩትም።

ገና ነው። 4.5 በመቶውም ቢሆን ፔሮል ላይ ሲደርስ ሌላ ቁጥር ይሆናል። በወር 16,000 ብር የሚከፈለውን ሰው እንውሰድ። ጭማሪው 720 ብር ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ይከፍላል፤ ስለዚህ ከ720 ብሩ 252 ብር ለግብር ይሄዳል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ 50 ብር ከ40 ሳንቲም። እጁ ላይ የሚገባው 417 ብር ከ60 ሳንቲም ነው።

አሠሪው ደግሞ በዚያው 720 ብር ላይ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይጨምራል። ለእሱ ወጪው 799 ብር ከ20 ሳንቲም ሆነ። እዚህ ደረጃ ላይ ላለ ሠራተኛ 100 ብር ጭማሪ ማለት ለአሠሪው 111 ብር ወጪ፣ ለሠራተኛው 58 ብር ገቢ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ይህን ያህል አውጥቼ እንዴት አያመሰግኑኝም?» የሚሉት፣ ሠራተኛው ደግሞ «ይቺ ናት ጭማሪ?» የሚለው ስለ አንድ ብር እያወሩ አይደለም። አንዱ በ111 ያያል፣ ሌላው በ58። ሁለቱም አይዋሹም።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ነበር። ያው የግብር ማሻሻያ ከ14,000 ብር በላይ ለሚያገኝ ሰው የወር ግብሩን በ550 ብር ቀንሶለታል። ከኩባንያው የተጣራ ጭማሪ ይበልጣል ማለት ነው! ከማኔጅመንቱ አንዱ «የተጣራ ገቢያችሁ ከሐምሌ ጀምሮ ጨምሯል የሚል መስመር እናስገባ» ብለው ነበር። ሥራ አስኪያጁ እምቢ አሉ። «ያልሰጠሁትን አልቆጥርም» ነበር ያሉት። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ግን ያንን መስመር ሳያስገቡ እንዳልቀሩ እገምታለሁ፤ ጓደኞቼ የነገሩኝ ወደዚያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ተረፈ ከተባለ ለምን 8? ንግግሩ የሞተውም የዳነውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም «ጊዜው ከባድ ነው» የሚል መልስ ለሠራተኛ መልስ አይደለም። ለእሱም ከባድ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀታቸውን አስቀምጠው ስለ ጉሊት አወሩ። አንዲት ሴት ሽንኩርት ኪሎውን በ60 ብር ገዝታ በ80 ሸጠች። 20 ብር አተረፈች፣ ደስ አላት። በማግስቱ አትክልት ተራ ስትሄድ ኪሎው 85 ገብቷል። ኪሷ ውስጥ ያለው 80 ነው። አትርፋለች፤ ነገር ግን ትናንት የነበራትን አንድ ኪሎ እንኳ መልሳ መግዛት አትችልም። ደብተሯ ትርፍ ይላል፣ ቅርጫቷ ግን ጎድሏል።

ፋብሪካው ላይ የሆነው ይኸው ነው። ካርቶን የሚሠራው ከውጭ ከሚመጣ ክራፍት ወረቀት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መጋዘን ውስጥ የነበረው ወረቀት በድሮው ብር የተገዛ ነው፤ ካርቶኑ ግን በአዲሱ ዋጋ ተሸጠ። የ2017 ሒሳብ ላይ ትርፉ ያበጠው በዚህ ነው። ከዚያ ትርፍ ላይ 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር ይከፈላል፤ ግብር ሰብሳቢው ትርፉ ከዋጋ ንረት መጣ ወይስ ከጥሩ ሥራ አይጠይቅም። የቀረው ብር ያንኑ መጋዘን መልሶ ለመሙላት አልበቃም።

«ታዲያ ተበደሩ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ደግ ጥያቄ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ በኋላ ወደ 18 ከፍ አደረገው። ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ወጥቶ ብድሩ በ18 በመቶ ብቻ ሲያድግ ሁሉም አስመጪ ያንኑ ጠባብ በር ይገፋል። ደንበኞቻችን የሆኑት የውኃና የፓስታ ፋብሪካዎችም ካርቶኑን ወስደው የሚከፍሉት ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሁሉ ካብራሩ በኋላ አንድ ቁጥር ተናገሩ፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ወረቀት የ34 ቀን ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የ90 ቀን ይይዝ ነበር። አዲስ ወረቀት ታዝዞ እስኪገባ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ የመጋዘኑን ባዶ መደርደሪያ አየ። ስብሰባው ካፍቴሪያ ሳይሆን እዚያ እንዲሆን የፈለጉት ለዚህ ነበር ለካ።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ተናገሩ። «ይህ ጭማሪ የዋጋ ንረቱን አይሸፍንም። ደመወዛችሁ በብር ይጨምራል፤ የሚገዛው ነገር ግን ካለፈው ዓመት ያንሳል። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ጭማሪ ነው ብዬ ጭብጨባ አልጠብቅም።» አዳራሹ ጸጥ አለ። የዋጋ ንረቱ ባለ ሁለት አሃዝ በሆነበት ዓመት 4.5 በመቶ የሚጨመርለት ሰው ደመወዙ ተቀንሷል። እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርነው «እውነተኛ ደመወዝ» እያልን የምንጠራው ነገር ነው፤ አለቃ በአደባባይ ሲናገረው ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ጥያቄ ተከፈተ። ከሁሉም የቆየችልኝ የማጣበቂያ ማሽን ላይ የሚሠሩት እትዬ ያነሱት ናት። ደመወዛቸው 6,000 ብር ነው። «ጋሼ፣ በመቶኛ የምታሰሉት ለማን ብላችሁ ነው? እኔ 270 ብር ይደርሰኛል፣ 50 ሺህ የሚበላው 2,250። ዳቦ ቤት ስንሄድ ለእኔ በመቶኛ ይሸጡልኛል እንዴ?» አሉ። ሳቅ ሆነ። ሥራ አስኪያጁም ሳቁ፣ ግን መልስ አልነበራቸውም። «ሦስት ቀን ስጡኝ» ብለው ስብሰባውን በዚያው ዘጉ።

ሦስቱን ቀን ያልተኛሁት እኔ ነኝ። 90,000 ብሩ ለ140 ሰው እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 643 ብር ይደርሳል። እትዬ ከ270 ወደ 643 ይወጣሉ፤ ነገር ግን 25,000 ብር የሚከፈለው ቴክኒሻን 1,125 የነበረው ወደ 643 ይወርዳል፣ የሚሄደውም እሱ ነው። መካከለኛ መንገድ ተፈለገ። ስምንቱ የክፍል ኃላፊዎች ዘንድሮ ምንም እንዳይጨመርላቸው ተስማሙ (ሁሉም በደስታ ነው አልልም)፤ የእነሱ ደመወዝ ድምር 400,000 ብር ስለሆነ ብቻውን 18,000 ብር ለቀቀ። ከ10,000 ብር በታች ለሚያገኙት 60 ሰዎች እያንዳንዳቸው 800 ብር ተመደበ፣ 48,000 ብር። የቀሩት 72 ሰዎች ጠቅላላ ደመወዝ 1,180,000 ብር ነው፤ ለእነሱ 3.5 በመቶ ሲሰላ 41,300። ድምሩ 89,300 ብር፤ ከቋቱ ውስጥ ገባ።

ሠንጠረዡን ልኬ ልተኛ ስል ነው ስህተቱን ያየሁት። 9,900 ብር የሚያገኘው ሰው 800 ተጨምሮለት 10,700 ይሆናል። 10,100 የሚያገኘው ግን በ3.5 በመቶ 10,453 ብር ከ50 ሳንቲም ላይ ይቀራል። ትናንት የሚበልጠው ዛሬ አነሰ! ድንበር ባለበት ጭማሪ ሁሉ ይህ ይመጣል፤ የሚታወቀውም ስሞቹን በድሮው ደመወዝ ደርድረህ አዲሱን ቅደም ተከተል ስታነጻጽር ነው። አንድም ሰው ቦታ ከቀየረ አንድ ቦታ ላይ ተሳስተሃል። የፋይናንስ ኃላፊዋ ከ10,000 ብር በላይ የሚያገኝ ማንም ሰው አዲሱ ደመወዙ ከ10,800 እንዳያንስ የሚል መስመር ጨመሩበት። የሚነካው ሁለት ሰው ብቻ ስለነበር ከቋቱ የተረፈችው 700 ብር በቃች።

ቦነስስ ለምን አልሆነም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኛም ጠይቀናል። ቦነስ የአንድ ጊዜ ነው፤ ደመወዝ ግን አንዴ ከወጣ አይወርድም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም በእሱ ላይ ነው የሚሰላው። ለዚህ ነው ቦርድ ለቦነስ እጁን ቶሎ ዘርግቶ ለደመወዝ የሚሰስተው። ዘንድሮ ግን ችግሩ የጥሬ ብር ስለሆነ ሁለቱም የሚወጡት ከዚያው ከወረቀት መግዣው ነበር። ቦነሱ ዜሮ ሆነ።

የጭማሪ ደብዳቤዎቹ የደረሱት በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው። በፋይናንስ ኃላፊዋ ሐሳብ እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ አራት ቁጥር ሰፈረ፤ የድሮው ደመወዝ፣ አዲሱ፣ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ እጅ ላይ የሚጨምረው፣ እንዲሁም ኩባንያው የሚያወጣው። የእትዬ ደብዳቤ ላይ 800 ብሩ ከግብርና ከጡረታ በኋላ 584 ብር ሆኖ ተጽፏል። ደመወዛቸው 6,800 ብር ሆኖ በ20 በመቶው እርከን ውስጥ ስለሚቆይ የሚቆረጥባቸው 27 በመቶ ብቻ ነው። የመስከረም ደመወዝ ሲገባ ሞባይላቸውን ይዘው በጀት ክፍል መጡና «አንተ ልጅ፣ ሒሳብህ ልክ ነው» ብለውኝ ወጡ። ይብቃ አይብቃ ግን አልተናገሩም።

ሥራ አስኪያጁ በዚያ ስብሰባ አንድ ቃል ገብተው ነበር። የወረቀት ክምችቱ ለሦስት ተከታታይ ወራት ከ60 ቀን በላይ ከሆነ ከየካቲት ጀምሮ ተጨማሪ 3 በመቶ ይለቀቃል፤ ቁጥሩም በየወሩ መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፋል። ተለጠፈም። ጥቅምት ላይ 38፣ ኅዳር 45፣ ታኅሣሥ 43 ቀን። ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ወረቀት ሆነ። ከአምስቱ «እንዳይሄዱ» ከተባሉት መካከል ኤሌክትሪሻኑ ኅዳር ላይ ሄደ፤ ያ ሌላ ፋብሪካ እኛ ከጨመርንለት በላይ ጨመረለት። የእሱ ድርሻ የነበረው 6,500 ብር ለምትክ ተብሎ ተያዘ፣ ምትኩ ግን በዚያ ዋጋ አልተገኘም።

ጥር ላይ እንደገና መጋዘን ውስጥ ተሰበሰብን። 47 ቀን ነበር። 3 በመቶው አልተለቀቀም። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አላዘጋጁም፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንስተው አነበቡና ጥያቄ ጠየቁ። የመጀመሪያውን እጅ ያነሱት እትዬ ናቸው፣ የጠየቁትም የሚቀጥለው ኮንቴይነር ጂቡቲ መቼ እንደሚደርስ ነበር።